ከግንቦት ወደ ጥቅምት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ተረቱ ቀበቶን የሚያጠብቁት መንገድ ከመጀመሩ በፊት ነው ይላል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፍ ተማሪ ሲሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ «በጊዜ ጀምር» የሚል ምክር አድርጎ ይወስደዋል። ክረምቱን ሙሉ ጽሑፍ ሲያነብና ሲያጠራቅም ቆይቶ በመጋቢት መጠይቅ ይዞ የሚሮጥ ተማሪም በጊዜ የጀመረ ነው፤ የፈታው ግን መጀመሪያውን እንጂ መድረሻውን አለመቁጠሩ ነው።

እንበልና አንዲት የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በባምባሲና በሆሞሻ ወረዳዎች የማሽላ ምርት ከአጨዳ በኋላ የሚደርስበትን ብክነት ልታጠና አስባለች። 200 አባወራዎችን ትጠይቃለች። ትምህርት ክፍሉ ጽሑፉ ለፈታኞች የሚገባበትን ቀን ግንቦት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ብሏል እንበል። ቁጥሩ ከዚያ ወደ ኋላ ይጀምር።

የመጨረሻዎቹ 14 ቀናት ባዶ ይተዋሉ። ለኅትመት፣ ለጠፋ ፊርማ፣ ለታመመ ሰው። ስለዚህ አማካሪው የፈቀደው ጽሑፍ ግንቦት 16 በእጇ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት የእርማት አንድ ሳምንት፣ ከዚያም በፊት ሙሉውን ጽሑፍ አማካሪው የሚያነብበት ሁለት ሳምንት አለ፤ ሚያዝያ 25 መስጠት አለባት ማለት ነው። የውጤት ምዕራፉ ግን ብቻውን ቀድሞ መታየት አለበት። ሠንጠረዦቹ ከተሳሳቱ ማብራሪያው ሁሉ አብሮ ይፈርሳልና፣ ሙሉው ረቂቅ እስኪያልቅ መጠበቅ ትልቁ ስህተት ነው። ለዚህ ምዕራፍ መመለሻ ሚያዝያ 4 ብትይዝ የ2018 ፋሲካ ቀን ላይ ትወድቃለች! አማካሪው አገር ቤት ነው። ስለዚህ መጋቢት 10 ሰጥታ መጋቢት 24 ትቀበላለች።

ለትንተናና ለመጻፍ አንድ ወር፣ መረጃውን ለማስገባትና ለማጥራት 20 ቀን ሲቀነስ፣ የመስክ ሥራው ጥር 20 ማለቅ አለበት። ስንት ቀን ይፈጃል? አራት መረጃ ሰብሳቢዎች በቀን ሦስት ሦስት ሰው ቢያነጋግሩ 17 ቀን ይበቃል፤ በወረቀት። በመሬት ላይ ግን የገበያ ቀን አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የጁምዓ ሶላት አለ፣ ገናና ጥምቀት አሉ፣ አርሶ አደሩም ቀን ቀን ውቂያ ላይ ነው። እኔ 40 ቀን እይዝላታለሁ። ስለዚህ ታኅሣሥ 10 መውጣት አለባት። ከዚያ በፊት መጠይቁን ወደ በርታ ቋንቋ ማስተርጎም፣ ሰብሳቢዎችን ማሠልጠንና መሞከር 20 ቀን፣ ለወረዳዎቹ የትብብር ደብዳቤ 15 ቀን፣ አማካሪው መጠይቁን የሚያይበት 15 ቀን። ጥቅምት 20 ላይ ደረስን። ፕሮፖዛሉ የጸደቀው ያኔ ካልሆነ የግንቦቱ ቀን ገና ከአሁኑ ጠፍቷል።

ወደ ፊት እየቆጠረች ብትሄድ ይህን አታየውም። ፕሮፖዛሉ በጥር ቢጸድቅ «ገና አምስት ወር አለኝ» ትላለች፤ መስኩ ግን ከየካቲቱ ረመዳን ጋር ይጋጫል፣ የሚጾም ሰው ከሰዓት በኋላ ረጅም መጠይቅ እንዲመልስ መጠየቅ ደግሞ አይገባም። ከዚያ ዘግይታ ብትወጣ አባወራው በጎተራው የነቀዘበትን እህል በግምት ነው የሚነግራት። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ወደ አንዳንድ ቀበሌዎች መኪና አይደርስም።

ተረቱ የሚጎድለው እዚህ ነው። መታጠቂያው መጥበቁ የሚታወቀው ትንሽ ከተሮጠ በኋላ ነው። የሙከራ መጠይቁ ለዚህ ነው፦ በአሶሳ አቅራቢያ ባለ ቀበሌ፣ ከናሙናው ውጭ፣ ጥቂት አባወራ። አንዱ መጠይቅ 40 ደቂቃ ይፈጃል ብላ የገመተችው አንድ ሰዓት ተኩል ከፈጀ በቀን ሦስት ሰው የሚለው ሒሳብ ፈረሰ፤ ያኔ ጥያቄ ይቀነሳል እንጂ ቀን አይለጠጥም።

መጠባበቂያ ጊዜ በየሥራው ላይ ቢበተን ማንም ሳያየው ይበላል። ቦታው በእሷ እጅ ካልሆኑት ነገሮች ቀጥሎ ነው፤ ከደብዳቤው፣ ከመንገዱ፣ ከአማካሪው ንባብ። አማካሪው ሌሎች ተማሪዎችም ክፍለ ጊዜም አሉትና፣ የንባብ ቀኖቹን ገና በጥቅምት አብረው ጽፈው ቢይዙ ይሻላል። «ዶክተር፣ ሲመችዎት ይዩልኝ» ብሎ መስጠት ትሕትና ይመስላል፤ የሚመች ቀን ግን አይመጣም። «ዶክተር፣ መጋቢት 10 ይደርስዎታል፣ እስከ 24 ቢመልሱልኝ» ማለት ድፍረት አይደለም።

የመበላሸቱ ምልክት ቀደም ብሎ ይታያል። ጥር 5 ላይ፣ ከ40ው ቀን 25ቱ ሲያልፍ፣ ከ200ው ገና 80 ብቻ ከሆነ፣ የመጨረሻዎቹን 14 ቀናት መንካት አያስፈልግም። ያን ሳምንት ከአማካሪው ጋር ተቀምጦ፣ ወይ አምስተኛ ሰብሳቢ መጨመር፣ ወይ ናሙናውን ከሁለቱም ወረዳ በእኩል መጠን ቀንሶ ምክንያቱን በጽሑፉ ውስጥ ማስፈር ነው።