ተሳስቶ የመጣ ዕቃ ከመጫኑ በፊት

ልጆቼ፣ አንድ ዓመት በጥቅምት፣ የሽንኩርቱ መስኖ ሊጀመር ሲል፣ ከመርካቶ ጅምላ ሻጭ 20 ጥቅል ባለ 2 ኢንች የውኃ ሆስ አዘዝኩ። መኪናው ቆቦ የገባው በሌሊት ስለነበር ቆጥሬ ብቻ ተረከብኩ። ሲነጋ ሳየው 8ቱ ባለ 3 ኢንች ናቸው፤ የደንበኞቼ ሞተር አፍ ላይ አይገቡም። ጥቅሉ 2,000 ብር፣ ከነቫቱ የ8ቱ ሒሳብ 18,400 ብር ነበር።

ተናድጄ ያንኑ ዕለት በተመላሽ መኪና ጫንኳቸው። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። መጋዘን ጠባቂው «6 ነው የደረሰኝ» አለ፣ ሾፌሩ «8 አውርጃለሁ» አለ፣ የተፈረመ ወረቀት ግን ማንም እጅ ላይ አልነበረም። የሁለቱ ጥቅል 4,600 ብር ቀረ።

ስለዚህ ሻጩ «መልሱልኝ» ብሎ በጽሑፍ ሳይፈቅድ ዕቃ አትጫኑ። በስልክ ከተነጋገራችሁ በኋላ ያንኑ በቴሌግራም ድገሙት፦ «በዚህ ቁጥር ደረሰኝ ካዘዝኩት 20 ጥቅል 8ቱ ባለ 3 ኢንች መጥተዋል። አልሸጥኳቸውም። መልሼ 18,400 ብር እንድትከፍሉኝ እጠይቃለሁ። ማን ይረከበኛል? ጭነቱንስ ማን ይችላል?» የጥቅሉን ጽሑፍና የደረሰኙን ፎቶ አያይዙ። መልሱ ሲመጣ የተረካቢውን ስም ሾፌሩ በሚይዘው ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ቆጥሮ የተረከበው ሰው ፈርሞ ፎቶውን ይላክላችሁ።

ይህን ሁሉ ዕቃው በወረደ ዕለት ወይም በማግሥቱ አድርጉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን ዕድል እንዳገኘ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ እንዳትመኩ፤ እሱ ለራሱና ለቤተሰቡ ለሚገዛ ሰው የወጣ ነው፣ አትርፎ ለሚሸጥ ነጋዴ አይደለም። ከተሳሳተው ዕቃ አንዲት ጥቅል እንኳ አትሽጡ። ሻጩ «ወደኸው ነው የሸጥከው» ካላችሁ የምትመልሱት ቃል ታጣላችሁ።

አንዳንዱ ሻጭ «ልዩነቱን ጨምርና አስቀረው» ይላል። የሚፈልገውን ደንበኛ በስም ካላወቃችሁት እንቢ በሉ፤ መጋዘን የተጋደመ ሆስ የታሰረ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡ በሱቁ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ከማሽኑም የተመላሽ ደረሰኝ ይቆረጥ። ብሩ ብቻ ከመጣ በወረቀት 8ቱ ጥቅል እናንተ ዘንድ እንዳሉ ይቆያል፤ የገቢዎች ኦዲተር ሲመጣ የት ሄዱ ይላችኋል። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ደግሞ በግብዓት የያዛችሁትን የ8ቱን 2,400 ብር መቀነስ አለባችሁ፤ ማስረጃው ያ ደረሰኝ ነው። ሻጩ ዋናውን የሽያጭ ደረሰኝ መልሱ ይላችኋል፤ ከመስጠታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉ።