ለአለቃ የሚሰጥ ስጦታ፦ ሀዲያ ወይስ እጅ መንሻ?

 

ከጥቂት ወራት በፊት ከደርስ በኋላ አንዲት እህት ጥያቄ ይዛ መጣች። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ በሚገኝ አንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ከተቀጠረች ሁለት ወር ሆኗታል። ሥራ አስኪያጁ ልጅ ተወልዶላቸዋል። «ኡስታዝ፣ ሥራውን እንደ አባት ሆነው ነው ያስተማሩኝ። ባዶ እጄን እንኳን ደስ ያለዎት ማለት ከበደኝ» አለችኝ። በ3,200 ብር ሽቶ ገዝታለች፤ ደመወዟ 8,000 ብር ነው። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በቋሚነት ትቀጠር ወይም ትሰናበት ብለው የሚፈርሙት ደግሞ እኚሁ ሰው ናቸው።

«ኒያዬ ንጹሕ ነው» አለች። አመንኳት። ግን ጥያቄው በኒያ ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የኢብኑል ሉትቢያን ታሪክ አስታወስኳት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሰው ከበኒ ሱለይም ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፈለና ይህ የእናንተ ነው፣ ይህኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። ከዚያም ጉዳዩን በሚንበር ላይ ወጥተው ለሕዝቡ ተናገሩ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሰውየው ስጦታውን አልደበቀም፤ በግልጽ ተናግሯል። የሰጡትም ሰዎች ክፉ አሰቡ ተብሎ አልተነገረም። የተጠየቀው ስጦታው የመጣው ለሰውየው ነው ወይስ ለተቀመጠበት ወንበር የሚለው ነው። ወንበሩ ባይኖር የማይመጣ ስጦታ የወንበሩ ስጦታ ነው።

በአገራችን ይህ ነገር የራሱ ስም አለው፤ እጅ መንሻ እንለዋለን። ትልቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ መቅረብ ነውር ስለነበር ጉዳይ ያለውም የሌለውም አንድ ነገር ይዞ ይሄድ ነበር። ክብር መስጠቱና ጉዳይ ማስፈጸሙ በአንድ ዕቃ ተጠቅልለው ስለሚሄዱ ሰጪው ራሱ እንኳ የትኛው የት እንደሚያበቃ ለይቶ አያውቀውም። የእህታችንም ችግር ይኸው ነበር።

ታዲያ በምን እንለየው? የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ለዳኛ ስለሚሰጥ ስጦታ ሲናገሩ ሦስት ነገር ይመለከታሉ። ሰጪው ሰውየው ከመሾሙ በፊትም ስጦታ የመስጠት ልማድ ነበረው ወይ? አሁን በእጁ ላይ ውሳኔ የሚጠብቅ ጉዳይ አለው ወይ? የስጦታው መጠንስ ከቀድሞው ልማድ አልበለጠም ወይ? ሥራ አስኪያጅ ዳኛ አይደለም፤ ግን በሰው እንጀራ ላይ ይፈርዳልና መለኪያው ይጠቅመናል።

በዚህ መለኪያ የእህታችንን ሽቶ እንየው። ከመቀጠሯ በፊት ሰውየውን አታውቃቸውም። ጉዳይ አላት፤ ያውም ሁለት ሳምንት የቀረው። መጠኑም ከደመወዟ ሲሶ በላይ ነው፤ ለእናቷ እንኳ በዚህ ዋጋ ገዝታ እንደማታውቅ ራሷ ነገረችኝ። በሦስቱም አላለፈም። አራተኛ ችግርም አለው፤ ሽቶ ገላ ላይ የሚውል ነገር ነው። ከወጣት ሴት ሠራተኛ ለወንድ አለቃ ሲሰጥ ከሥራ ግንኙነት ያለፈ ቅርበት ይናገራል። ልብስና ጌጣጌጥም እንዲሁ ናቸው።

«ትንሽ ነገር ብቀይረውስ?» አለች። ትንሽነት ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ ፖም አምሯቸው ሳለ በስጦታ ሲቀርብላቸው አሽትተው መልሰውታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስጦታ ይቀበሉ አልነበረም ወይ ሲባሉ፣ ያኔ ሀዲያ እንደነበረና ለሹማምንት ግን ጉቦ እንደሆነ መለሱ። ፖም ነው እንግዲህ። ጉዳይ ተንጠልጥሎ ሳለ የሚሰጥ ትንሽ ስጦታም ያው ሽታ አለው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አይልም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥት ሠራተኛን ብቻ ሳይሆን እንደ አክሲዮን ማኅበር ያሉ የሕዝብ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ድርጅቶችንም ይመለከታል፤ የማይገባ ጥቅም የሰጠም የተቀበለም ይጠየቃል። ስለዚህ አለቃችሁ ባለሥልጣን ወይም የባንክ ኃላፊ ከሆኑ ከመግዛታችሁ በፊት የመሥሪያ ቤቱን የስጦታ ደንብ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቁ።

ነገር ግን ለአለቃ ልጅ ሲወለድለት ፊትን አዙሮ ማለፍም የእስልምና አደብ አይደለም። መንገዱ ስጦታውን ከአንድ ሰው እጅ አውጥቶ የሁሉም ማድረግ ነው። እህታችን ለባልደረቦቿ ሐሳቡን አነሳች፤ ከጥበቃውና ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር 11 ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስጠነቀቅኳት። የስምና የብር ዝርዝር ያለበት ወረቀት ማዞር የለም። ዝርዝር ሲዞር ደመወዙ አነስተኛ የሆነው ከይሉኝታ የተነሳ ያዋጣል፤ ልቡ ያልፈቀደው ገንዘብ ደግሞ ሐላል አይሆንም። በወረቀት ፋንታ አንድ የተዘጋ ካርቶን ቀዳዳ በስተው አስቀመጡ፤ የፈለገ የቻለውን ይጨምራል፣ ያልቻለ ይተዋል፣ ማን ስንት እንዳስገባ የሚያውቅ የለም።

2,150 ብር ተሰበሰበ። ሁለት ሰዎች መርካቶ ወርደው በ1,900 ብር የሕፃን ብርድ ልብስ ገዙ፤ የቀረው ለሻይና ለዳቦ ሆነ። ብርድ ልብሱ ለሕፃኑ እንጂ ለፈራሚው አይደለም። እንደ ጥሬ ገንዘብ ወይም እንደ ወርቅ ለፈለጉት ጉዳይ አይመነዘርም። ካርዱ ላይ ያዋጣውም ያላዋጣውም 11ዱም ፈረሙ። በሻይ ሰዓት በሁሉም ፊት ተሰጠ። ደረሰኙም አለ፤ ነገ የድርጅቱ ባለቤት ቢጠይቁ የሚያፍር ሰው የለም።

እህታችን ከሁለት ሳምንት በኋላ በቋሚነት ተቀጠረች። ስትነግረኝ ያለችው አልረሳኝም፦ «ኡስታዝ፣ ሽቶውን ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ በሥራዬ ነው ወይስ በሽቶው ነው እያልኩ እኖር ነበር።» ስለ ጉቦ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናስበው የተቀባዩን ፍርድ ማጣመሙን ነው። ሰጪውም ግን የራሱን ድካም ዋጋ በእርግጠኝነት የማወቅ ዕድሉን ያጣል። አጠገቧ ያለው፣ ሽቶ መግዛት ያልቻለው ባልደረባዋም እኩል የመመዘን ሐቁን ያጣል።

ሽቶውን ለእናቷ ሰጠቻት። እዚያ ቤት የምትጠብቀው ፊርማ የለም።

አላህ ስጦታችንን ሀዲያ ያድርግልን። መልካም ጁሙዓ!