«ገና ነው» ማለትና «አይሆንም» ማለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ይቅር በሉ የሚለውን ትምህርት ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ወንድምህ በቀን ሰባት ጊዜ ተመልሶ ተጸጸትሁ ቢልህ ይቅር በለው የሚለውንም የጌታን ቃል በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 እናውቀዋለን። እኔን ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። የበደለን ሰው እፊታችን ቆሞ፣ ልባችን ግን ገና ሳይደርስ ሲቀር በዚያች ሰዓት ከአፋችን ምን ይውጣ? ይህን የምጽፈው ነገሩ በራሴ ላይ ስለ ደረሰ ነው።

አባቴ ሸማኔ ነው። አምና በክረምት አራት ጋቢዎች ሠርቶ፣ አርባ ምንጭ ወስዶ እንዲሸጥለት ለአንድ አብሮ አደጌ ሰጠው። የአጎቴ ልጅ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ጋቢዎቹን ተሸክሞ አብሮት ወረደ። አብሮ አደጌ ባዶ እጁን ተመለሰና ልጁ መናኸሪያ ላይ ጥሏቸው ዞር ሲል ተሰረቁ አለ። ልጁ አለቀሰ፣ ማለ፣ ያመነው ግን አልነበረም። እኔም አላመንሁትም። ወር ሳይሞላ ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ፣ ሰው ቤት ሸማ ሊሠራ ሄደ። ከአምስት ወር በኋላ ነው ጋቢዎቹ ተሸጠው ገንዘቡ እንደ ተበላ የታወቀው።

አብሮ አደጌ በመጀመሪያ ይቅርታ የጠየቀኝ በስልክ በላከልኝ መልእክት ነበር። ሦስት ሳምንት አልመለስሁለትም። ዝም ማለቴ ትዕግሥት መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 14ን ሳነብ ራሴን እዚያ አገኘሁት። አቤሴሎም ወንድሙን አምኖንን ገድሎ ሦስት ዓመት በጌሹር ተሰደደ። ኢዮአብ አማለደውና ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም እንዲመለስ ፈቀደ፤ ነገር ግን ፊቴን አይይ አለ። ልጁ በአባቱ ከተማ ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀመጠ። ተምሬያለሁ እንዳይል ንጉሡን አላየም፤ ተፈርዶብኛል እንዳይልም ከስደት ተመልሷል። በመጨረሻ ኢዮአብ እንዲሰማው ብሎ የኢዮአብን የገብስ እርሻ በእሳት አስለኮሰ። ያን ጊዜ ዳዊት ጠርቶ ሳመው፤ ሆኖም የሚቀጥለው ምዕራፍ አቤሴሎም በአባቱ ላይ ሲያሤር ያሳየናል። ለዐመፁ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ዝምታው ግን ረድቶታል ብዬ አምናለሁ። የዳዊት ጥፋት ልቡ መዘግየቱ አይመስለኝም፤ የተገደለውም ልጁ ነበርና። ጥፋቱ መዘግየቱን አለመናገሩና መጨረሻውን አለማስታወቁ ነው።

ዮሴፍን ደግሞ ተመልከቱ። በዘፍጥረት ምዕራፍ 42 ወንድሞቹ በአስተርጓሚ በኩል ሲነጋገሩ አይሰማንም ብለው በእርሱ ላይ የሠሩትን በጸጸት አነሡ። እርሱ ግን ቋንቋቸውን ይሰማ ነበርና ዞር ብሎ አለቀሰ። በዚያች ቀን ዮሴፍ ነኝ አላላቸውም። ሦስት ቀን በግዞት አስቀምጧቸዋል፣ ስምዖንንም አስሮ አስቀርቷል፤ ይህ ቀላል ነገር ነው አልልም። ይሁን እንጂ በስልቻቸው እህል ሞላላቸው፣ ብራቸውን መለሰላቸው፣ የመንገድ ስንቅም ጨመረላቸው። ልቡ ገና ነበር፤ እጁ ግን አልራቃቸውም።

ይህ የልብና የእጅ ልዩነት ለእኛ ለጋሞ ልጆች እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ2011 ዓ.ም. መስከረም በቡራዩ ወገኖቻችን በተገደሉ ጊዜ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ ሽማግሌዎቻችን ለምለም ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩላቸው። ሣር የያዘን ሽማግሌ አልፎ መሄድ በባህላችን ነውር ነውና ወጣቶቹ ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህን የይቅርታ ታሪክ አድርጎ ይናገረዋል። እኔ እንደማየው ግን በዚያች ሰዓት ከወጣቶቹ የተፈለገው ኀዘናቸውን እንዲረሱ አልነበረም። እጃቸውን እንዲሰበስቡ ነበር።

በመስቀል ዋዜማ አብሮ አደጌ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ፣ ሣር ጨብጦ እቤታችን መጣ። የጋቢዎቹንም ዋጋ 8,000 ብር አምጥቶ ነበር። አባቴ ወዲያው አቅፎ አነሣው። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌ ላይ የመጣው «ለእግዚአብሔር ሰጥቼሃለሁ» የሚል ነበር። ይህች ቃል በሀገራችን መንፈሳዊ ትመስላለች፤ የምትነገርለት ሰው ግን እርግማን መሆኗን ያውቃል፤ እግዚአብሔር ይምታህ ማለት ናትና። ሌላው የቀረበልኝ ቃል «ምንም አይደል» ነበር። እርሱም ውሸት ነው፤ ደግሞ በአዲስ አበባ ያለውን ልጅ ምንም አይደለህም እንደ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ጉዳዩን ለንስሐ አባቴ ነግሬ ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንዲሉ፣ በዚህ ሁኔታ ልቁረብ ወይስ ልቅር ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። እርሳቸውም «አሁን ቆይ፤ ነገር ግን መቆየትህን ማረፊያ እንዳታደርገው፤ ቀን ቁረጥለት» አሉኝ። ስለዚህ እንዲህ አልሁት፦

«ወንድሜ፣ መምጣትህን አይቻለሁ። ጋቢዎቹን ሸጠህ በልጁ ማሳበብህን በሰው ፊት በአፍህ መናገርህ ቀላል እንዳልነበረ አውቃለሁ። የገንዘቡ ነገር በአባቴ አልቋል። እኔ ግን ዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ ብል እዋሽሃለሁ፤ ልቤ ገና ነው። ነገርህን ላልሰማ ሰው አላወራም፣ ሰላምታም አልነሳህም። የልጁን በደል እኔ ይቅር ልልለት አልችልም፤ ራስህ ደውልለት። አንተ ወደ እኔ አትመላለስ፤ በጥምቀት እኔ ራሴ እቤትህ እመጣለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው አልወደዱትም፤ የመስቀል ዋዜማ ነው፣ እንዲህ ያለ ቀጠሮ አይሰጥም አሉ። ምናልባት ልክ ናቸው። አብሮ አደጌ ግን ራሱን ነቀነቀና «እሺ፣ እጠብቅሃለሁ» አለኝ።

ከሁሉ የከበደኝ አላወራም ያልሁት ነው። ኅዳር ላይ በዩኒቨርሲቲ ለአንድ አዲስ ጓደኛዬ ታሪኩን ጀምሬ መሐል ላይ አቆምሁ። ልቤ ይድን እንደሆነ ወይም ቂም እየሆነ እንደሆነ ያወቅሁት በዚህ ነው፤ ታሪኩን ለመናገር ጣፍጦኝ ነበር። ሰላምታውም ቢሆን በመጀመሪያ ከጥርስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን በጭጋጉ ውስጥ ማን መሆኑን ሳልለይ ከልቤ ሰላም አልሁት፤ ሳውቀውም አልጸጸተኝም።

ለልጁ ደውሎለታል። ልጁ መጀመሪያ ስልኩን ዘጋበት፤ ሁለተኛ ሲደውል ሰማው። ምን እንደ ተባባሉ አልጠየቅሁም። እኔም ደውዬ ሳላምንህ ቀረሁ፣ በደልሁህ ብዬዋለሁ። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እናያለን፣ ወንድሜ» አለኝ። ለካስ እንዲህ ያለው መልስ ሲደርስ ያማል፤ ይሁንና ስልኩን ስዘጋ ቀለለኝ።

ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የአብሮ አደጌ ቤት ከእኛ ቤት የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። በከተራ ማግስት፣ ታቦት ከገባ በኋላ እሄዳለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።