«የለም» እና «አላየሁትም»

አንድ ነገር ፈልጎ ያጣ ሰው በቋንቋችን ሦስት መልሶች አሉት፤ «የለም»፣ «አልታየም» እና «ማየት አልቻልኩም»። የጠፋ ቁልፍ ስንፈልግ ሦስቱን እያቀያየርን ብንናገር የሚጎዳ ሰው የለም። ልጅ ጓዳውን በወጉ ሳይፈትሽ «የለም» ቢል እናቱ ተነሥታ ራሷ ታገኘዋለች። የሰውን ሆድ በመሣሪያ እያየ ለሚተዳደር ሰው ግን ሦስቱ ቃላት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ ራዲዮሎጂስት ነኝ። ሦስቱን ያደባለቅሁበትን አንድ ቀን ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ለአልትራሳውንድ ምርመራ መጡ። ከእምብርታቸው በላይ የሚጀምርና ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ነበረባቸው። ሌሊት ሲተኙ ይብስባቸዋል፤ ወደፊት ጎንበስ ብለው ሲቀመጡ ቀለል ይልላቸዋል። ክብደት ቀንሰው እንደሆነ ስጠይቃቸው በቁጥር አልመለሱልኝም፤ «መቀነቴ አንድ ዙር ጨምሯል» አሉኝ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ቁርሳቸውን በልተው፣ ቡናቸውንም ጠጥተው ነበር የመጡት፤ ሳይበሉ መምጣት እንዳለባቸው ቀጠሮ የሰጣቸው ሰው አልነገራቸውም።

ጉበታቸውን አየሁ፤ ሐሞት ከረጢታቸውን፣ ኩላሊቶቻቸውንና ጣፊያቸውን አየሁ። ቆሽታቸው ላይ ስደርስ ግን ከፊቴ ያለው ነጭ ጭጋግ ብቻ ሆነ። መሣሪያውን ጫን አደረግሁት፤ ትንፋሻቸውን ስበው እንዲይዙ ጠየቅኋቸው፤ በጎናቸው አዞርኋቸው። አልሆነም። በኮሪደሩ ላይ ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎች ይጠብቁ ነበር። ሆዳቸው ላይ ያለውን ጄል የሚጠርጉበት ወረቀት አቀበልኋቸውና «ትንሽ ጋዝ ነው ያስቸገረን፤ ሌላው ሁሉ ደህና ነው» አልኋቸው። እሳቸውም መርቀውኝ ወጡ።

ለማያውቀው አንባቢ ጋዙ ለምን እንዳስቸገረን ላስረዳ። አልትራሳውንድ የሚሠራው በብርሃን ሳይሆን በድምፅ ነው። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰውነት ይላካል፤ ከውስጥ ክፍሎች ነጥሮ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ሥዕል ያደርገዋል። ይህ ድምፅ በሥጋና በውኃ ውስጥ እንደ ልቡ ያልፋል፤ አየር ሲያጋጥመው ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ መጣበት ይመለሳል። ቀዝቃዛው ጄል የሚቀባውም በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ያለችውን ስስ አየር እንኳ ለማስወገድ ነው። በንዴት ጊዜ «አረረ» የምንለው ቆሽት ደግሞ አቀማመጡ ለዚህ መሣሪያ የሚመች አይደለም። ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ከጨጓራ ጀርባ በአከርካሪው ላይ ተጋድሟል፤ ራሱን የትንሹ አንጀት መጀመሪያ አቅፎታል፤ ጅራቱ እስከ ጣፊያ ይደርሳል። በጨጓራውና በአንጀቱ ውስጥ አየር ካለ፣ በልቶ በመጣ ሰው ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኖራል፣ ቆሽቱ ከመጋረጃ ጀርባ እንዳለ ሰው ይሆናል። የእኚህ እናት ቆሽት ደህና መሆኑንም መታመሙንም የሚናገር ነገር በዚያን ቀን በእጄ አልነበረም።

ከሦስት ወር በኋላ ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ ተመለሱ። ይህን ጊዜ የሐሞት ቧንቧቸው ሰፍቶ በግልጽ ታየኝ፤ በታችኛው ጫፍ አንድ ነገር እንደ ዘጋው ያመለክታል። ሲቲ ስካኑ በቆሽታቸው ራስ ላይ ዕጢ አሳየ። ልጃቸው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ «ዶክተር፣ ጋዝ ነው ብለውን ነበር እኮ» አለኝ። በእነዚያ ሦስት ወራት ለጋዙ ያልተሞከረ ነገር አልነበረም፤ ተልባው፣ ጤና አዳሙ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛው የጨጓራ ኪኒን። እኔ ማየት የከለከለኝን መጋረጃ ስነግራቸው እነሱ የበሽታውን ስም የነገርኋቸው መስሏቸው ነበር።

የመጀመሪያ ሥራዬ፣ አፍሬ ነው የምናገረው፣ የዚያን ቀን ሪፖርት ማውጣት ነበር። በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ፤ ቆሽቱ በአንጀት ጋዝ ስለተሸፈነ አልታየም ይላል፤ በሦስተኛው አንቀጽ መካከል። ደስ አለኝ። ወረድ ብዬ የመደምደሚያውን መስመር ሳነብ ግን «ጤናማ የሆድ አልትራሳውንድ» ይላል። ሐኪሞች በሥራ ብዛት የሚያነቡት ይህንኑ የመጨረሻ መስመር ነው፤ እኔም የሌሎችን ሪፖርት የማነበው እንደዚሁ ነው። በሽተኛዋ ደግሞ እንግሊዝኛውን አያነቡም። ለእሳቸው ሪፖርታቸው እኔ ጄሉ ሲጠረግ የተናገርኋት አንዲት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ናት።

ታዲያ ዋሽቻለሁ? ቃል በቃል ከተወሰደ አልዋሸሁም። ጋዝ ነበር፤ አስቸግሮናል፤ ያየሁት ሌላውም ደህና ነበር። ለረጅም ጊዜ በዚህ ተጽናናሁ። ይሁን እንጂ የንግግር ሐቀኝነት የሚለካው ከአፍ በወጣው ብቻ ከሆነ፣ ጥሩ ጠበቃ የያዘ ሰው ሁሉ ሐቀኛ ሊባል ነው። ያቺ እናት ምን ይዛ እንደምትወጣ ከፊቷ ማንበብ እችል ነበር። እፎይታዋን አየሁት፤ ምርቃቷንም ተቀበልሁ። እፎይታው ያልተገባ መሆኑን እያወቅሁ ዝም ማለቴ፣ ውሸቱን እሷ ራሷ እንድትፈጥረው መተው ነበር።

«አልታየም» የሚለው ቃልም ተባባሪዬ ነበር። ማን አላየውም? ቃሉ አይናገርም። ፈላጊውን ከዓረፍተ ነገሩ አውጥቶ ነገሩን ብቻ ያስቀራል፤ ሰሚውም ከ«የለም» ጋር አንድ ያደርገዋል። «ዕጢ አልታየም» ሲባል ዕጢ የለም ተብሎ ነው የሚሰማው። «ማየት አልቻልኩም» ግን ተናጋሪውን ያጋልጠዋል፤ የምንሸሸውም ለዚህ ይመስለኛል። በሽተኛው ገንዘብ ከፍሎ፣ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው ሆዱን ገልጦ፣ «አልቻልኩም» ሊባል ነው! «ጋዝ አለብዎት» ማለት ይቀላል፤ ጉድለቱን ከባለሙያው አንሥቶ በበሽተኛው ሆድ ላይ ያኖረዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይቅርታ መጠየቅ ይገባል ወይ የሚለው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አይገባም ባይ ነው፤ የሰው አንጀት ውስጥ ላለ አየር ሐኪም ለምን ይቅርታ ይጠይቃል? ከፊሉ እውነት አለው። በባዶ ሆዱ መጥቶ፣ ሁሉ ተሞክሮ ቆሽቱ ያልታየኝን ሰው «አዝናለሁ» ልለው እችላለሁ፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብለው ግን ያልሠራሁትን ጥፋት በመናዘዝ ደግነት መግዛቴ ነው። የእኚህ እናት ነገር ከዚህ ይለያል። እንዲጾሙ ያልነገርናቸው እኛ ነን፤ ወረፋው በዝቶ የቸኮልሁትም እኔ ነኝ። በደፈናው «ይቅርታ» ማለት ሁለቱን ያደባልቃል። የሐቀኛ ይቅርታ የመጀመሪያው ሥራ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት ነው።

ያን ቀን እንዲህ ማለት ነበረብኝ፦

«እናቴ፣ ጉበትዎን፣ ሐሞት ከረጢትዎን፣ ኩላሊቶችዎንና ጣፊያዎን በደንብ አይቻለሁ፤ የሚያሳስብ ነገር አላገኘሁባቸውም። ቆሽትዎን ግን ማየት አልቻልኩም። ከፊቱ አየር አለ፤ ይህ መሣሪያ አየርን አልፎ አያሳይም። አየሩ በሽታዎ ነው ማለቴ አይደለም። ስለ ቆሽትዎ ደህና ነውም፣ ታሟልም ልልዎ አልችልም። ሳይበሉ እንዲመጡ ልንነግርዎ ሲገባ አልነገርንዎትም፤ ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሕመምዎ ወደ ጀርባ የሚሄድና የከሱም ስለሆነ፣ ይህን ምርመራ ብንደግመውም በእሱ ብቻ ልንቀመጥ አይገባም፤ በአየር የማይጋረድ ሲቲ ስካን ያስፈልግዎታል። ከዚያ በፊት የኩላሊት የደም ምርመራ ይደረግልዎታል፤ ምስሉ እንዲጠራ በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ኩላሊትን ሊያስቸግር ስለሚችል ነው። ለላኩዎት ሐኪም አሁን እደውልላቸዋለሁ። እስከዚያው ዐይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ ከጠቆረ ወይም ሰገራዎ ከነጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያኑ ቀን ይምጡ።»

ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ሌላ ጊዜ ይታያል» ከሚለው የሚለየው ቀጣዩ እርምጃ በበሽተኛው ሁኔታ ላይ መመሥረቱ ነው። ለወትሮ ምርመራ ለመጣ፣ ሕመም ለሌለበት ሰው ያልታየ ቆሽት ብዙ ጊዜ ሌላ ምርመራ አይጠይቅም፤ እንዳልታየ ማወቁ ይበቃዋል። መቀነቷ አንድ ዙር ለጨመረ እናት ግን ሳምንትም ብዙ ነው። ሲቲ ስካኑንም ሁሉን ያሳያል ብዬ ተስፋ ልሰጥበት አይገባኝም፤ ትንሽ ዕጢ ከእሱም ሊሰወር ይችላል።

በሽተኛን ማስደንገጥ ነው የሚሉኝ አሉ። በእኛ አገር ደግሞ ክፉ ወሬ ለቤተ ዘመድ እንጂ ለታማሚው በቀጥታ አይነገርም። ይህን ልማድ አልንቀውም፤ ብዙ ሰው ደግፎ አሳልፏል። ነገር ግን «አላየሁትም» ክፉ ወሬ አይደለም፤ ገና ወሬ አልሆነም። ሰው ይደነግጣል ብዬ ብሸሽገው፣ የምሸሽገው የእሱን በሽታ ሳይሆን የራሴን አለማየት ነው።

ሦስቱ ወራት ባይባክኑ ኖሮ እኚያ እናት ይተርፉ ነበር ወይ? የቆሽት ካንሰር ቀድሞ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ ጨካኝ ነው፤ ይተርፉ ነበር ብዬ መናገር አልችልም፤ አይተርፉም ነበር ብዬም ልጽናናበት መብት የለኝም። ለልጃቸው የነገርሁት ይህንኑ ነው። ሪፖርቱን አላሳየሁትም፤ «ጋዝ ነው ያልሁት ማየት ስላልቻልሁ ነበር፤ በግልጽ አልነገርኋችሁም፤ አጥፍቻለሁ» አልሁት። ይቅር ልበልህ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀኝ፤ ጻፍሁለት።

ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን ነገር በሪፖርቱ የመጨረሻ መስመር ላይ እጽፋለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ ጡረተኛ ሰውዬ ቁርሳቸውን በልተው መጡ፤ ቀጠሮ ሰጪያችን አሁንም አልፎ አልፎ ይዘነጋል። ቆሽትዎን ማየት አልቻልኩም ስላቸው ተቆጡ፤ «ታዲያ ምን ልትሠራ ነው የተቀመጥኸው?» አሉኝ። ጥፋቱ የእኛ መሆኑንና ሁለተኛ እንደማይከፍሉ ነገርኋቸው። በማግስቱ በአንድ ሰዓት ተኩል በባዶ ሆዳቸው መጡ። ሁለት ብርጭቆ ውኃ አጠጣኋቸውና አረፋው እስኪረጋ ጥቂት አስቀመጥኋቸው፤ ውኃው በጨጓራቸው ውስጥ ለድምፁ መስኮት ይሆንለታል። የቆሽታቸው ራስና መሐል አካል ጥርት ብሎ ታየ። ጅራቱን ግን አላየሁትም፤ ይህንኑም ነገርኋቸው።