ሁለት ቀን የጎደለው ጥቅምት

ዳሽቦርዱ የኅብረት ሥራ ማኅበራችን የ2017 ጥቅምት የሰሊጥ ገቢ ከአምናው ቀንሷል ይላል። መጋዘኑ ግን እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል፤ መጋዘን ሊዋሽ እንደማይችል ለማረጋገጥ ጊዜ አላጠፋሁም። ቦርዱ የሚሰበሰበው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

መዝገቡን ከፈትኩ። ቀኑ እንደ ደረሰኙ በእኛ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ኤክሴል ደግሞ እንደ ፈረንጁ ነው የሚያነበው። 28/2/2017 ሲጻፍለት የካቲትም ይሁን ጥቅምት ግድ የለውም፣ ፌብሩዋሪ ብሎ ይቀበላል። 29/2/2017 እና 30/2/2017 ሲሆን ግን እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። ሌሎቹ ቀኖች በሳጥናቸው ቀኝ ጠርዝ ሲሰለፉ እነዚህ ወደ ግራ ይጠጋሉ፤ በቀን እየለየ የሚደምረው SUMIFS ድምፅ ሳያሰማ ያልፋቸዋል። ይህችን ጻፍኩ፦

```
=COUNTA(A2:A900)-COUNT(A2:A900)
```

ዜሮ መሆን ሲገባው 61 አለኝ። ሁሉም የእነዚያ ሁለት ቀናት ርክክብ ነበር።

የእኛ ወር ሠላሳ ነው፤ ከፈረንጆቹ ወራት ከሠላሳ የሚያንሰው ሁለተኛው ብቻ ነው። ጳጉሜንም 13ኛ ወር በመሆኗ ትወድቃለች፤ ያን ጊዜ ግን ሰሊጡ ገና ማሳ ላይ ስለሆነ ማንም አላስተዋለም። የጥቅምት ማለቂያ ታጭዶ የቆመው ነዶ ደርቆ የሚራገፍበት፣ ትራክተር በመጋዘን በር የሚሰለፍበት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ መምህር «የተበላሸ ረድፍ ካገኛችሁ ሰርዙ» ይል ነበር። ረድፉ የማን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቀም፤ ምሳሌው ሁሉ የአሜሪካ ሱቅ ሽያጭ ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ አምናም በዚሁ ነው የተቆጠረው። ሁለቱም ዓመት እኩል ከጎደለ ንጽጽሩ ምን ይሆናል? ዛሬ አትነካካው» አሉኝ።

ይህ ክርክር እረፍት ነሳኝ፤ ምክንያቱም ከፊሉ ልክ ነው። ሁልጊዜ አንድ ኪሎ የሚያጎድል ሚዛን ትናንትን ከዛሬ ለማወዳደር ያገለግላል። ግን እኩል ጎድሏል ወይ? 2016 ለአራት ይካፈላል፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የዚያ ቁጥር ዓመት ፌብሩዋሪ 29 ቀን አላት። ስለዚህ አምና የወደቀው ጥቅምት 30 ብቻ ነው፣ ዘንድሮ ሁለት ቀን። ቀነሰ የተባለው የካላንደር ሥራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እኩል ቢሆንስ? የትርፍ ክፍፍል የሚሰላው አባሉ ባስረከበው ኩንታል ልክ ነው። ከዚሁ ዝርዝር ከተሰላ ጥቅምት 29 ያስረከበ ገበሬ ምንም አላስረከበም። ንጽጽሩ ለቦርዱ ይበቃው ይሆናል፤ ለገበሬው ግን አይሆነውም።

ቀን፣ ወርና ዓመትን በየዓምዳቸው ተራ ቁጥር አድርጌ እንደገና ደመርኩ። ዘንድሮ ከአምና በለጠ። በስንት እንደበለጠ አልምልም፤ ከደረሰኝ ጋር ያመሳከርኩት የወደቁትን ቀናት ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ የቀድሞውን ቁጥር ይዘው ገቡ። እኔም አዲሱን አትሜ፣ «ገና ያልተጣራ» ብዬ ጽፌበት፣ በእያንዳንዱ የቦርድ አባል ፊት አስቀመጥኩ። አንሳ ብባልም አላነሳሁም።