ሰንበት ሲወጣ የሚቆጠር ጥሪ

ዓርብ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ አኖረዋለሁ። የምኖረው ናሕሊኤል ውስጥ ነው፤ የየመን አይሁዶች የቆረቆሩት፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ የመጣነውም የምንኖርበት የሐዴራ ሰፈር። ሰንበት ወጥቶ፣ ከዋክብት ታይተው መሳቢያውን ስከፍት ማያው በማሳወቂያ ተሞልቶ ይጠብቀኛል። ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ማታ ለጨዋታ ያህል ቆጠርኋቸው፤ ሃምሳ ሁለት ሆኑ። ዐሥራ ሰባቱ የሙዚቃ አሳታሚዎች ዩቲዩብ ላይ የጫኑት አዲስ ክሊፕ ነው። ሃያ ሦስቱ የኮንሰርት ወሬ ከሚለዋወጥበት አንድ የዋትሳፕ ግሩፕ የመጡ ናቸው። ዘጠኙ ከዘፈን ማድመጫ መተግበሪያ፣ ሦስቱ ደግሞ ኮንሰርት ከሚያሳውቅ ሌላ መተግበሪያ የመጡ ናቸው። ከሃምሳ ሁለቱ አንብቤ የተደሰትሁት በሁለቱ ብቻ ነበር። በማግስቱ ግን እንጀራ ልገዛ ሱቅ ስገባ መስታወቱ ላይ የተለጠፈ ፖስተር አየሁ። ለዓመታት ሳደምጠው የኖርሁት ዘፋኝ ከአዲስ አበባ መጥቶ የዚያኑ ቅዳሜ ማታ፣ እኔ ማሳወቂያ ስቆጥር በነበረበት ሰዓት፣ እዚሁ አገር ዘፍኖ ሄዷል።

ከሃምሳ ሁለት ጥሪ መካከል አንዲቱ የምፈልጋት ለምን ታጣች? ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ብዛት ነው ብዬ ነበር። ቆየት ብዬ ሳስበው ግን ብዛቱ የመዘዙ ቅርንጫፍ እንጂ ሥሩ አይመስለኝም። ሥሩ ምናልባት «መከተል» የምንለውን ቃል ከምናስበው በላይ አቅልለን መያዛችን ነው። ድሮ ሰው የሚከተለው የሚያውቀውን ነበር፤ መምህሩን፣ የጦር አለቃውን፣ መሪጌታውን። ዛሬ አንዲት ቁልፍ ስንጫን ማንን እንደተከተልን ቆም ብለን አንጠይቅም። በእኛ ሙዚቃ ደግሞ ይህ ጥያቄ ከሌላው ዓለም ይልቅ ከባድ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ዘፋኝ አዲስ ዘፈን ሲያወጣ ክሊፑ ብዙ ጊዜ የሚጫነው በራሱ ቻናል ሳይሆን በአሳታሚው ቻናል ነው። ስለዚህ ዘፋኙን በስሙ ፈልገን ሰብስክራይብ ብናደርግ ደወሉ ዝም ይላል። አሳታሚውን ብንከተል ደግሞ የምንወደውን አንዱን ለማግኘት የማናውቃቸውን ሃያ ዘፋኞች አብረን እንቀበላለን። ከአንድ አሳታሚ ቻናል የአንድን ዘፋኝ ብቻ ለይቶ የሚጠራ ደወል የለም። በየቪዲዮው መጨረሻ «ሰብስክራይብ አድርጉ፣ የደወል ምልክቷንም ተጫኑ» ስንባል የምንታዘዘው ለዘፋኙ ይመስለናል፤ ጥሪው ግን የሱቁ ነው።

ያን ሰሞን የእህቴ ልጅ ልትጠይቀን መጥታ ስልኬን ተቀበለችኝና ገና እንዳየችው ሳቀች። «አጎቴ፣ ይኼን ሁሉ ደወል የከፈቱት እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ዩቲዩብ ላይ ከሰብስክራይብ ቁልፍ አጠገብ ያለችው ደወል ሦስት ምርጫ አላት፦ ሁሉንም አሳውቀኝ፣ ደስ ይለዋል ብለህ የገመትኸውን አሳውቀኝ፣ ምንም አታሳውቀኝ። እኔ ለስድስት አሳታሚዎች «ሁሉንም» ብዬ ኖሬአለሁ። ዩቲዩብ ከአንድ ቻናል በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከሦስት የበለጠ የአዲስ ቪዲዮ ማሳወቂያ አይልክም፤ ስድስት ጊዜ ሦስት ዐሥራ ስምንት ስለሆነ የኔ ዐሥራ ሰባት ከጣሪያው ብዙም አልራቀም። ይህ ገደብ የሚያዝንልን ይመስላል፤ ሆኖም የራሱ ጣጣ አለው። አሳታሚው በዓል ሲቃረብ በአንድ ቀን አምስትና ስድስት ክሊፕ ከጫነ፣ የምንጠብቀው ዘፋኝ አራተኛ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ «ሁሉንም» ማለት እንኳ ሁሉንም አይደለም።

መፍትሔው ቀላል ሆነ፤ ቀላልነቱ ግን ካሰብነው በኋላ የመጣ ነው። የእህቴ ልጅ የስድስቱን አሳታሚዎች ደወል ወደ «ምንም» መለሰችው፤ ሰብስክራይቡን ግን አልነካችውም። ዘፈኖቹ ሰብስክራይብ ያደረግኋቸው ቻናሎች በሚዘረዘሩበት ገጽ በየቀናቸው ተሰልፈው ይቆያሉ፤ እኔ ስሄድ አያቸዋለሁ እንጂ እነሱ እየመጡ አይጠሩኝም። የራሳቸው ቻናል ላላቸው አራት ዘፋኞች ብቻ «ሁሉንም» ተውንላቸው። የዘፈን መተግበሪያውንም በዚሁ መንገድ ያዝነው። ስፖቲፋይ የምንከተላቸውን ሰዎች አዲስ ሥራ በየሳምንቱ ዓርብ በአንድ ዝርዝር ያቀርባል፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2015 ጀምሮ አብዛኛው የዓለም ሙዚቃ የሚወጣው ዓርብ ስለሆነ ነው። ዝርዝሩ ካለ እያንዳንዱን ዘፈን በደወል መስማት ትርፍ ነው፤ ስለዚህ የአዲስ ዘፈን ማሳወቂያውን ዘጋነው። ዓርብ የወጣውን ቅዳሜ ማታ ብሰማው ምን ይጎድልብኛል? ለሰንበት ጠባቂ፣ ዓለም አዲስ ዘፈኑን የሚያወጣው እርሱ ስልኩን በሚያኖርበት ዕለት መሆኑ በመጀመሪያ ያስቃል፤ ኋላ ግን እንደ ጸጋ ይታያል። ሃያ አምስት ሰዓት ያህል ቆይቶም የሚፈለግ ነገር፣ ምናልባት ከመጀመሪያውም መፈለግ የሚገባው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ «አዲስ» ጥቂት ማለት ሳይገባ አይቀርም። መተግበሪያው የሚያውቀው ዘፈኑን ሳይሆን ቀኑን ነው። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1975 አዲስ አበባ ወጣ፤ በ1986 ደግሞ አንድ የቤልጅየም አሳታሚ ለአውሮፓ አድማጭ አወጣው። የድሮ ካሴቶች ዛሬ በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ሲጫኑ፣ አርባና ሃምሳ ዓመት የሆነው ዘፈን «አዲስ ወጣ» ተብሎ በስልካችን ይታወጃል። ለኔ ይህ ስሕተት ነው። እዚህ ለተወለደችው የእህቴ ልጅ ግን ያው ማሳወቂያ ስሕተት ላይሆን ይችላል፤ ለእርሷ ዘፈኑ በእርግጥ ዛሬ ደረሰ። ሌላው ዕንቅፋት የስም አጻጻፍ ነው። ስማችን ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ በሁለትና በሦስት መልክ ስለሚጻፍ አንድ ዘፋኝ ሁለት ገጽ ሊኖረው ይችላል፤ አሮጌው ሥራ በአንዱ፣ አዲሱ በሌላው ይቀመጣል። የምንወደው ሰው ለረጅም ጊዜ ዝም ካለብን፣ ዝም ያለው እሱ ነው ከማለታችን በፊት ስሙን በሌላ አጻጻፍ ፈልገን ከሁለቱ ገጾች የቅርብ ጊዜ ሥራ ያለበትን ማየት ይበጃል።

የኮንሰርቱ ነገር ግን በደወል ማስተካከል ብቻ የሚፈታ አልሆነም። እንደ ባንድስኢንታውን ያሉ መተግበሪያዎች የሚሠሩት ቀላል በሆነ መንገድ ነው፦ ዘፋኙን እንከተላለን፣ ከተማችንን እንናገራለን፣ በአቅራቢያችን ሲዘፍን ይጠሩናል። ነገር ግን የሚያውቁት የተነገራቸውን ያህል ነው። የዘፋኙ ማኔጀር ወይም የቲኬት ሻጩ ቀኑንና ቦታውን ካላስገባ የሚጠሩን ነገር የላቸውም። እንደ አስቴር ራዳና ጊሊ ያሎ ያሉ፣ በየአገሩ ፌስቲቫል የሚዘፍኑ የእስራኤል ልጆቻችን ኮንሰርታቸው በዚህ መንገድ ሊደርሰን ይችላል። ከአዲስ አበባ ለአንድ ሌሊት የሚመጣ ዘፋኝ ግን በአብዛኛው የሚታወጀው በፖስተር፣ በዋትሳፕና በአዘጋጁ ስልክ ነው። ስለዚህ መተግበሪያው ዝም ሲል «ኮንሰርት የለም» ማለት አይደለም፤ «ማንም አልነገረኝም» ማለት ነው። እኔ ሁለቱን ዝምታዎች አንድ አድርጌ በመያዜ ኮንሰርቱ አመለጠኝ።

ታዲያ ሃያ ሦስት መልእክት የላከው ግሩፕ አልነገረኝም ነበር? ነግሮኛል። ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ የኮንሰርቱ ፖስተር ሐሙስ ዕለት ተልኳል፤ በእንኳን አደረሳችሁ ሥዕሎችና በሰላምታ ድምፆች መካከል ተቀብሯል። ሃያ ሦስቱ እርሱን አላካተቱም፤ እርሱን የቀበሩት ከሰንበት በፊት የመጡት ነበሩ። ግሩፑን ለዘለቄታው ድምፁን አጠፋሁት። በምትኩ ኮንሰርት የማያመልጠውን አንድ ጎረቤቴን «የሚመጣ ካለ ደውልልኝ» አልሁት። ቤቴ መጥቶ ቡና ሲጠጣ የሰማሁት ነገር ደግሞ የበለጠ አሳሰበኝ፤ ያን ኮንሰርት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ያልነገረኝ «አንተ ግሩፑ ውስጥ ስላለህ ሰምተሃል» ብሎ ነው።

በአገራችን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ጥሪው ከተናገረው አፍ ጋር አያልቅም፤ በሰሚው ላይ ዕዳ ትቶ ይሄዳል። የእድር ጡሩምባም ንጋት ላይ ሲነፋ ሰው ከመኝታው የሚነሣው ጡሩምባው በከንቱ ስለማይነፋ ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ ብርቅነቱና አደራው፣ ጥሪን ጥሪ የሚያደርጉት ይመስለኛል። የስልካችን ደወል ሁለቱንም ቀስ በቀስ የወሰደብን ይመስላል። ለሁሉም ስለሚጮኽ ብርቅ አይደለም፤ ለእያንዳንዳችን ለብቻችን ስለሚጮኽም ማንም ለማንም የመንገር ዕዳ አይሰማውም። ይህን ስል የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ አዋጁም ሁልጊዜ የሚወደድ ነገር አልነበረም፣ የጡሩምባውም ወሬ ሐዘን ነው።

አሁን ቅዳሜ ማታ መሳቢያውን ስከፍት ሰባት ወይም ስምንት ማሳወቂያ አገኛለሁ። በወር አንድ ጊዜ የማሳወቂያዎቹን ዝርዝር አያለሁ፤ ሳልከፍት እያንሸራተትሁ ያሳለፍሁት ካለ ደወሉን እዘጋለሁ። አንዳንዴ አንድ ጥሩ ነገር ሳላየው እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ይህ ዋጋው ነው፣ ተገቢ ዋጋ መሆኑን ግን ገና እርግጠኛ አይደለሁም። ባለፈው ሳምንት ሱቁ መስታወት ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፎ አየሁ። ጎረቤቴ አይቶት ይሆናል ብዬ ልተወው አሰብሁ፤ ከዚያ ግን ደወልሁለት። አይቶት ነበር። ደስ አለው።