ቅጽል የሌለበት ቅጽ

«ሥራዬን በትጋትና በቁርጠኝነት ተወጥቻለሁ።» የመሥሪያ ቤት የራስ ምዘና ቅጽ አንብቦ የሚያውቅ ሰው ይህን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። ሰውየው ሰነፍ ሆኖ አይደለም እንዲህ የሚጽፈው፤ ጥያቄው ነው የሚያስጽፈው። «ያስመዘገቡትን ጉልህ ውጤት ይግለጹ» ስትለው ቅጽሉን ራስህ ሰጠኸው፤ እሱም በቅጽል መለሰልህ።

ከሚሴ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት ይህን ቅጽ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሳዛውር ኮዱ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። ጊዜ የበሉት ጥያቄዎቹ ናቸው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቅጹ በሁለት ቋንቋ ነው የሚሞላው፤ ችግሩ ግን በሁለቱም ያው ነው። በአማርኛ «ተሠርቷል» ይባላል፣ በአፋን ኦሮሞ «ሆጄተሜራ»። በሁለቱም ሥራው አለ፣ ሠሪው የለም።

ይህን እንደ መሸሽ ብቻ ማየት ልክ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ «እኔ ሠራሁ» ማለት ያሳፍራል፤ ሰው በራሱ ላይ ምስክር አይሆንም። ታዲያ ትሑቱ ዝም ሲል፣ የማያፍረው ቅጽል ሲደረድር፣ ማን ነው ከፍተኛ ነጥብ የሚያገኘው?

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛን በምሳሌ እንውሰድ። ፔንታ የሚባለው ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል፤ ሦስተኛው ላይ የሚቀሩ ሕፃናት አሉ። «ምን ውጤት አስመዘገቡ?» ስትባል «የክትባት ሽፋን በአጥጋቢ ሁኔታ ጨምሯል» ትላለች። ጥያቄውን እንዲህ ብንቀይረውስ፦ «ከጥር ወዲህ ከሠሩት አንድ ሥራ ይምረጡ። ሲጀምሩ ምን ነበር? እርስዎ በእጅዎ ምን አደረጉ? አብሮዎት ማን ነበር? ሌላ ሰው ማየት ቢፈልግ የት ያገኘዋል?» አሁን ትጽፋለች፦ ከመዝገቡ ሦስተኛውን ያልወሰዱትን ለቀምኩ፣ አሥራ አንድ ነበሩ፣ ቤት ለቤት ዞርኩ፣ ሰባቱ ተከተቡ፣ ሦስቱ ቤተሰቦች አካባቢውን ለቀዋል፣ አንዲት እናት እምቢ አለች። «አብሮዎት ማን ነበር» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሌላውን ድርሻ አስቀድማ ስለምትሰጥ «እኔ» ለማለት አታፍርም።

(እኛ ፕሮግራመሮች ስህተት ስናሳውቅ «ሲስተሙ አስቀያሚ ነው» አንልም፤ ምን እንደነካን፣ ምን እንደጠበቅን፣ ምን እንደመጣ እንጽፋለን። ልማዱን ከዚያ ነው የወሰድኩት።)

«ስንት?» የሚል ሳጥን ግን ለብቻው አላስቀመጥኩም። ብቻውን የተጠየቀ ቁጥር ያብጣል፤ የት እንደሚገኝ አብሮ የተጠየቀ ቁጥር ግን ይጠነቀቃል። ያም ሆኖ ቅጹ የማይይዘው ሥራ አለ። ጥል ሳይነሳ ያበረደ ሰው የሚያሳየው መዝገብ የለውም። ለእሱ «ባይሠሩት ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ማን ያውቃል?» የሚል ጥያቄ ጨመርኩ፤ ደካማ ማስረጃ ነው፣ ከምንም ግን ይሻላል።

የከበደኝ እምቢ ያለችው እናት ጉዳይ ነው። ለሠራተኛዋ ማስረጃ የሆነው ነገር የእናትየው ገመና ነው፤ ለማንም ስትል አልነገረቻትም። ስለዚህ «የተገልጋይ ስም» የሚለውን ሳጥን አነሳሁት፤ የመዝገቡ ዓይነትና ወሩ ብቻ ቀረ። አንድ ኃላፊ ይህ ማጣራቱን ያዘገያል አለኝ። ያዘገያል። መዝገቡ ጤና ኬላው ውስጥ ነው፤ ማየት የፈለገ እዚያ ድረስ ይሄዳል።